መብራት ሲሄድ የምንቀሰቅሰው ጄኔሬተር ምሰሶ ላይ ላለው ሰው

ክረምት ሲገባ አሶሳ ውስጥ የጄኔሬተር ድምፅ ይበዛል። ነፋሱ ከዝናቡ ቀድሞ ይመጣል፣ የማንጎ ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ያርፋል ወይም መብረቅ ትራንስፎርመሩ አጠገብ ይመታል፣ ከዚያ ሰፈሩ ይጨልማል። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ከሱቁ፣ ከሻይ ቤቱ፣ ከመድኃኒት ቤቱ አንድ በአንድ ሞተሮች ይነሣሉ። አሁን አሁን ደግሞ ትንንሾቹ ጄኔሬተሮች መኖሪያ ቤት ገብተዋል። ልጆች ለእናትና ለአባታቸው ገዝተው ይሰጣሉ፤ ስጦታው ጥሩ ነው። እኔ መጻፍ የፈለግሁት ግን ከጄኔሬተሩ ጋር አብሮ ስለሚመጣው ገመድ ነው።

ቡና በተጠጣ ቁጥር «ግድቡ እኛው ክልል ውስጥ፣ ጉባ ተቀምጦ እኛ እንዴት ጨለማ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ያስቃል እንጂ መልሱ ከባድ አይደለም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው ተብሏል። ያ ኃይል በ500 ሺህ ቮልት መስመር ወደ መሃል አገር ይሄዳል። አሶሳ የሚደርሰው ደግሞ በወለጋ በኩል ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው። ከዚያም በላይ መብራት የሚጠፋብን ብዙውን ጊዜ ኃይል አንሶ ሳይሆን እዚሁ ሰፈራችን ሽቦ ተበጥሶ፣ ምሰሶ ዘምሞ ወይም የትራንስፎርመሩ ፊውዝ ወድቆ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ። መብራት ጠፋ ማለት ብዙ ጊዜ አንድ ሰው መሰላል ተሸክሞ ወደ አንድ ምሰሶ እየሄደ ነው ማለት ነው።

ጎረቤቴ ወጣት አባት ነው፤ በግቢው ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ አለችው፣ ቀዝቃዛ ውኃና ለስላሳ ይሸጣል። ባለ 3 ኪሎ ቮልት አምፒር የቤንዚን ጄኔሬተር ገዛ። ማታ መብራት ሲሄድ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ገባሁ። ሦስት ሜትር የሚሆን ገመድ ይዟል፤ በሁለቱም ጫፍ ወንድ ሶኬት ታስሮበታል። አንዱን ጫፍ ጄኔሬተሩ ላይ ሰካው፣ ሌላውን ደግሞ ሳሎን ያለው የግድግዳ ሶኬት ላይ። ቤቱ በሙሉ በራ። ልጆቹ አጨበጨቡ። «አየሽ ሲስተር፣ አንድ ገመድ ብቻ ነው፤ ሽቦ መዘርጋት የለ፣ ግድግዳ መብሳት የለ» አለኝ። ገመዱን ማን ሠራልህ ስለው ጄኔሬተሩን ሲገዛ ሱቁ አጠገብ ያለ ሰው በአምስት ደቂቃ አስሮ እንደሰጠው ነገረኝ።

ገመዱ ቤቱን ያበራው ለምን እንደሆነ ከተረዳን አደጋውም ራሱ ይገለጣል። የግድግዳ ሶኬት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ አፍ ይመስለናል እንጂ በር አይደለም፣ መዝጊያ የለውም። ከጀርባው ያለው ሽቦ ወደ ብሬከሩ ሳጥን ይሄዳል፤ በዚያ ሳጥን ውስጥ የሳሎኑ፣ የመኝታ ቤቱና የወጥ ቤቱ ሽቦዎች ሁሉ ይገናኛሉ። በአንዱ ሶኬት ኤሌክትሪክ ካስገባን በሳጥኑ በኩል ለሁሉም ይዳረሳል፤ ቤቱ የበራው ለዚህ ነው። ግን እዚያው ሳጥን ውስጥ ወደ ውጭ የሚሄድ ሽቦም አለ። በዋናው ብሬከር ወደ ቆጣሪው፣ ከቆጣሪው ወደ ጣሪያው፣ ከጣሪያው ወደ ምሰሶው ይሄዳል። ኤሌክትሪክ «ይህ የጎረቤት ነው፣ ይህ የመንግሥት ነው» ብሎ አይመርጥም። የተገናኘ ሽቦ ካገኘ ይሄዳል። ከጎረቤቴ ሳሎን ወጥቶ መንገድ ላይ ያለው መስመር ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

እዚያም አይቆምም። ምሰሶው ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር በመደበኛው ሥራው ከፍተኛውን ቮልት አውርዶ ለቤታችን 220 ያደርገዋል። በአገራችን ከተሞችና ገጠሮች የሚዘረጋው ከፍተኛው መስመር አብዛኛውን ጊዜ 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ነው። ትራንስፎርመር ግን ወንፊት አይደለም፤ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። በላይ ሲገባለት እንደሚያወርደው ሁሉ በታች ሲገባለት ከፍ ያደርጋል። በ15 ሺህ መስመር ላይ ያለው ትራንስፎርመር ቮልቱን 65 ጊዜ ያህል ነው የሚቀንሰው። እንግዲህ በታች በኩል ከጄኔሬተር 220 ቢገባ በላይ በኩል 65 ጊዜ ተባዝቶ ከ14 ሺህ ቮልት በላይ ይወጣል። መብራት ጠፍቷል ተብሎ የሚታሰበው፣ ሠራተኛው ሊጠግነው የወጣበት ሽቦ ላይ ማለት ነው።

«ጄኔሬተሩ መሸከም ስለማይችል ይጠፋል» የሚሉ አሉ

ጎረቤቴም ይህንኑ አለኝ። በከፊል እውነት ነው። ባለ 3 ኪሎ ቮልት አምፒር ጄኔሬተር የሚሰጠው 13 አምፒር ያህል ነው። የሰፈሩን ማቀዝቀዣ፣ አምፖልና ምጣድ ሁሉ ድንገት ሲጫንበት ያቃስታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ብዙ ጊዜም ታፍኖ ይጠፋል ወይም የራሱ ብሬከር ይወድቃል። ሰዎች ይህን አንድ ሁለት ጊዜ ያዩና «እንግዲህ ራሱ ይጠብቃል» ብለው ይደመድማሉ።

ነገር ግን መስመሩ የት ላይ እንደተበጠሰ ቤት ውስጥ ሆኖ የሚያውቅ የለም። ነፋሱ ሽቦውን የበጠሰው በጎረቤቴ ቤትና በሌሎቹ ቤቶች መካከል ከሆነ ጄኔሬተሩ የሚሸከመው የሰፈር ጭነት የለም። የእሱን ቤት አብርቶ፣ የተበጠሰውን ሽቦ ጫፍ ደግሞ በ220 ቮልት ሞልቶ፣ ድምፁ ሳይለወጥ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ያ ጫፍ ጭቃ ላይ ወይም የቀርከሃ አጥር ላይ ተጋድሞ ይሆናል። ጠዋት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ሰፈሩ ሁሉ «መብራት የለም» እንደሚል ሰምተዋል፤ ስለዚህ ሽቦውን አይፈሩትም። አያቶች ከብት ሲያወጡም እንዲሁ።

ጭነት ቢበዛበትም እንኳ ነገሩ አይቀልም። ጄኔሬተሩ ከመጥፋቱ በፊት ቮልቱ ወርዶ 50 ላይ ቢያቃስት፣ 50 በ65 ሲባዛ ከ3 ሺህ ቮልት በላይ ነው። ምሰሶ ላይ ያለ እጅ በአንድ ሰከንድ ያልቅለታል። አንድ ሰከንድ ሙሉ ደግሞ አያስፈልግም።

የመስመር ሠራተኞች ሥራ ሲጀምሩ በመፈተሻ ይለካሉ፣ ከዚያም ሽቦዎቹን አንድ ላይ አስረው መሬት ያስይዟቸዋል። ሥርዓቱ ይህ ነው፤ በትክክል ከተደረገ ብዙ ሕይወት ያድናል። ሆኖም ሠራተኛው ከለካ በኋላ ነው አንድ ሰው ከሥራ ገብቶ «ጨለመብን» ብሎ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው። ሠራተኛው ከኃይል ጣቢያው ጋር በስልክ ተነጋግሮ መስመሩ መዘጋቱን አረጋግጧል። ጣቢያው ግን በእኛ ጓሮ ያለውን ሞተር አያየውም፣ ሊዘጋውም አይችልም።

ይህ የመጨረሻው ነገር እንደ ጤና ባለሙያ በጣም የሚያሳስበኝ ነው። ሰው ኤሌክትሪክ ሲይዘው የመጀመሪያው ሥራ ምንጩን መዝጋት ነው፤ ምንጩ ሳይዘጋ የነካው ሁሉ አብሮ ይያዛል። እዚህ ላይ ግን ምንጩ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ጣቢያው «እኛ ዘግተናል» ይላል፤ ሽቦው ግን አልሞተም። እርዳታ ሊያደርግ የሮጠ ሁለተኛ ሰው ይወድቃል። ለዚህ ነው መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ ስታዩ ሰፈሩ ጨለማ ቢሆንም ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፣ ልጆችንም አርቁ የምለው። አብዛኛው ሰው ስለ እንጨት ዱላ ይጠይቀኛል። በዝናብ የራሰ እንጨት ከሺህ በሚቆጠር ቮልት ፊት ምንም አይከላከልም።

በቤታችን ያለው 220 ቮልት በደረት ካለፈ የልብን ምት ያዛባል፤ ልብ መምታቱን ትቶ እንደ ጄሊ ይንቀጠቀጣል፣ ደም አይገፋም። ሰውየው ላይ ቁስል ላይታይ ይችላል። በሺህ የሚቆጠረው ደግሞ ሌላ ነው። እጅ ላይ አንዲት የጠቆረች ነጥብ፣ እግር ላይ ሌላ ነጥብ ታያላችሁ፤ ቤተሰብ «ትንሽ ነው፣ ተረፈ» ይላል። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ሥጋ ግን ከውስጥ ተቀቅሏል። የሞተው ጡንቻ ወደ ደም ይገባል፣ ሽንት እንደ ኮካ ይጠቁራል፣ ኩላሊት ይደክማል። አንዳንዱ እጁን ያጣል። ከምሰሶ ላይ ደግሞ መውደቅ አለ። ስለዚህ ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ቢነሣና ቢናገርም ሆስፒታል ደርሶ ልቡ ይታይለት፣ ሽንቱም ይጠበቅ።

መብራቱ ሲመለስ ደግሞ አደጋው ወደ ራስ ይዞራል። የመንግሥቱ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ጄኔሬተሩም በራሱ ጊዜ 50 ጊዜ ለመመላለስ ይሞክራል። ሁለቱ አብረው እንዲራመዱ ያስተካከላቸው ግን የለም። አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ከተገናኙ፣ ትልቁ ትንሹን ይደቁሰዋል። የጄኔሬተሩ ጥቅልል ሽቦ ይቃጠላል፣ ገመዱ ይቀልጣል፣ አጠገቡ ደግሞ የቤንዚን ጄሪካን አለ። ሰው ሲደነግጥ የመጀመሪያ ነገር የሚያደርገው ገመዱን ከግድግዳው መንቀል ነው። ያን ጊዜ የገመዱ ሁለት የብረት ጥርሶች ሙሉ 220 ይዘው በአየር ላይ ይቀራሉ፤ ጄኔሬተሩ ገና እየሠራ ነውና። ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ ወላጅ ያውቃል።

«ዋናውን ብሬከር አጥፍቼ ነው»

ይህ መልስ ከሁሉም ይሻላል፤ ጎረቤቴም በሁለተኛው ቀን ይዞልኝ መጣ። ጠንቃቃ ሰው ነው። «እትዬ፣ መጀመሪያ ዋናውን አወርዳለሁ፣ ከዚያ ነው የምሰካው። ወደ ውጭ በምን ይወጣል?» አለኝ።

እሱ ሁሌ ያወርደው ይሆናል። ባለቤቱስ? እናቱስ? አሥር ዓመት የሞላው ልጁ አባቱን እያየ ተምሯል፤ አንድ ማታ አባቱ ባይኖር ገመዱን ያገኛል፣ ብሬከሩን ግን ይረሳል። ወይም እሱ አውርዶት ቤቱ እየበራ እያለ እንግዳ «ይሄ ለምን ወረደ?» ብሎ ያነሣዋል። ጥንቃቄው በአንድ ሰው ማስታወስ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ አንድ ቀን ይበጠሳል። ማታ ደክሞን፣ በጨለማ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ልጅ እያለቀሰ የምንሠራው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከብሬከሩ ውስጥ ነው። ወደ ቤታችን የሚገቡት ዋና ሽቦዎች ሁለት ናቸው፤ ፌዝና ኒውትራል። ብሬከሩ ባለ አንድ ፖል ከሆነ የሚቆርጠው ፌዙን ብቻ ነው፤ ኒውትራሉ ሳይቆረጥ ከመንገዱ መስመር ጋር ተገናኝቶ ይቀራል። አሁን የእኛን አገር ሶኬት አስቡት፤ ሁለት ክብ ጥርሶች ያሉት ነው፣ ገልብጠን ብንሰካውም ይገባል። ገመዱ ተገልብጦ ሲሰካ የጄኔሬተሩ ፌዝ በቤቱ ኒውትራል ሽቦ ላይ ይገባል። ብሬከሩ ወርዷል፣ ግን ያወረደው ሌላኛውን ሽቦ ነው። ጎረቤቴ ሳጥኑን ከፍቶ አሳየኝ፤ ዋናው ባለ አንድ ፖል ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተከራከርንም።

ሥራውን የሚሠራው ዕቃ

መፍትሔው በገበያ «ቼንጅ ኦቨር» ይባላል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት በሥራ ዘመኔ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ነው፤ የክትባት ማቀዝቀዣው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መቆየት ስላለበት ጄኔሬተር ነበረን፣ ከጄኔሬተሩ ቤት አጠገብ ደግሞ እንደ ክንድ ያለ ትልቅ እጀታ። ማታ ዘበኛው ፋኖሱን ይዞ ይሄድና ያንን እጀታ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጥለዋል። ኤሌክትሪክ ተምሮ አያውቅም፤ በዚያ እጀታ ግን መሳሳት ቢፈልግም አይችልም ነበር።

የዕቃው ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ማብሪያው ሦስት ቦታ አለው፤ 1፣ 0 እና 2 ተብሎ ይጻፍበታል። 1 ላይ ሲሆን ቤቱ ከመንግሥቱ መስመር ጋር ይገናኛል። 2 ላይ ሲሆን ከጄኔሬተሩ ጋር። 0 ላይ ሲሆን ከማንም ጋር አይገናኝም። ከ1 ወደ 2 ለመሄድ በ0 ማለፍ ግዴታ ነው፤ አንዱን ሳይለቅ ሌላውን መያዝ አይችልም። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ በሁለት በር መውጣት እንደማይችለው ማለት ነው። ማንም ቢያዞረው፣ አያት ብትሆን ወይም ልጅ፣ ጄኔሬተሩ የሚያበራው ቤት በዚያው ቅጽበት ከመንገዱ ሽቦ የተቆረጠ ነው። ማስታወስ አይጠበቅበትም፤ የሚያስታውሰው ብረቱ ነው።

ለተራ መኖሪያ ቤት፣ አንድ ፌዝ ለሚገባበት፣ ባለ ሁለት ፖል ያስፈልጋል፤ ፌዙንም ኒውትራሉንም አብሮ የሚቆርጥ። ሱቅ ሄዳችሁ ስትጠይቁ ይህን ቃል አትርሱት። ሦስት ፌዝ ለሚገባበት ወፍጮ ቤት ወይም ሆቴል ባለ አራት ፖል ነው። መጠኑ የሚመረጠው በጄኔሬተሩ አይደለም፤ 1 ላይ ሲሆን የቤቱን ጠቅላላ ጭነት፣ ምጣዱን ጨምሮ፣ የሚያሳልፈው ያው ማብሪያ ስለሆነ ከዋናው ብሬከር ማነስ የለበትም። ዋናው 40 አምፒር ከሆነ ባለ 40 ወይም ከዚያ በላይ ይገዛል። ትንሽ ገዝቶ ብር የቆጠበ ሰው ምጣድ በተጣደ ቁጥር ማብሪያው ሲግልበት ያየዋል፤ ከዚያ ሽታ ይመጣል።

ጎረቤቴ ቤት የሠራው ኤሌክትሪሺያን ግማሽ ቀን ነው የፈጀበት። ከቆጣሪው በፊት ያለው የመንግሥት ነው፣ ማኅተም አለበት፣ አይነካም። ማብሪያው የሚቀመጠው ከቆጣሪው በኋላና ከብሬከሩ ሳጥን በፊት ነው። ከቆጣሪው የመጡት ሁለቱ ሽቦዎች 1 በሚለው በኩል ገቡ፣ ከጄኔሬተሩ የሚመጡት ሁለቱ 2 በሚለው በኩል፣ ወደ ሳጥኑ የሚሄዱት ደግሞ ከመካከለኛው ወጡ። የጄኔሬተሩ ሽቦ ላይ ባለ 16 አምፒር ብሬከር ጨመረበት። ውጭ ግድግዳው ላይ ደግሞ ከዝናብ የተከለለ መቀበያ አበጀ፤ ጥርሶቹ ወደ ግድግዳው የዞሩ። ከጄኔሬተሩ የሚመጣው ገመድ ጫፍ አሁን ሴት ነው፣ ጥርሱ ተደብቋል፣ ተነቅሎ ቢወድቅም የሚነካ ብረት የለውም። የድሮውን ባለ ሁለት ወንድ ገመድ ጎረቤቴ ሊያስቀምጠው ፈልጎ ነበር፤ «ለችግር ቀን» ሲል ኤሌክትሪሺያኑ ከፊቱ በመቁረጫ ለሁለት ቆረጠው። ደስ አለኝ።

ከምሠራው ሰው ጋር ቆማችሁ ልታዩት የሚገባ አንድ ነገር አለ። አንዳንዱ ጊዜ ለመቆጠብ ሲል ፌዙን ብቻ በማብሪያው ያሳልፍና የሦስቱንም ኒውትራል አንድ ላይ ያስራቸዋል። ቤቱ ይበራል፣ ማብሪያው ይዞራል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። ኒውትራሉ ግን አሁንም ከመንገዱ ጋር ነው። በማብሪያው ጀርባ ስድስት ሽቦ መቁጠር አለባችሁ፤ ሁለት ገቢ፣ ሁለት ገቢ፣ ሁለት ወጪ። ሦስት ብቻ ከሆነ ሥራው አላለቀም።

መሠራቱን ብቻ ማየት አይበቃም፤ መፈተሽም አለበት። መብራት ባለበት ቀን ማብሪያውን 0 ላይ አድርጉት። ቤቱ ውስጥ አንድም አምፖል፣ አንድም ሶኬት መሥራት የለበትም። የሠርቪሱ መብራት ብትበራ ወይም የሱቁ ማቀዝቀዣ ቢሠራ ያ ሽቦ ማብሪያውን ሳይነካ በሌላ መንገድ ይመጣል ማለት ነው፤ አሮጌ ቤቶች ውስጥ እንዲህ ያለ ቅጥያ አይጠፋም። ሁለተኛው ፍተሻ መብራት በሌለበት ቀን ነው። ጄኔሬተሩ እየሠራ፣ ማብሪያው 2 ላይ ሆኖ፣ ባለሙያው ከቆጣሪው በሚመጡት ሁለት ሽቦዎች ላይ በቮልት መለኪያ ይለካል። ባዶ መሆን አለበት። ይህን እናንተ አትሞክሩት፤ ለእሱ ተዉለት።

ቼንጅ ኦቨር የሌለበት ቤት ኤሌክትሪኩ ወደ መስመር እየተመለሰ መሆኑን የሚያሳብቁ ምልክቶችም አሉ። ሰፈሩ ጨለማ ሆኖ የካርድ ቆጣሪው ላይ ያለችው ቀይ መብራት ጄኔሬተሩ ሲነሣ አብራ ብልጭ ካለች፣ ኤሌክትሪኩ ቆጣሪው ጋ ደርሷል። የጎረቤት አምፖል እንደ ሻማ ደብዝዞ ቢበራ፣ ወይም የጄኔሬተሩ ድምፅ ያለ ምክንያት ወርዶ ቢያቃስት ነገሩ ያው ነው። ያን ጊዜ ገመዱን ከመንቀል በፊት ጄኔሬተሩን አጥፉ። ምልክት አለመታየቱ ግን ደህንነት አይደለም፤ የተበጠሰ ሽቦ ምልክት አይሰጥም።

አጠቃቀሙን ጎረቤቴ በማብሪያው ሽፋን ላይ በወረቀት ለጥፎታል፤ እናቱም እንድታነብበው በትልልቅ ፊደል። መብራት ሲሄድ ምጣዱና ማቀዝቀዣው ይነቀላሉ፣ ማብሪያው 0 ላይ ይደረጋል። ጄኔሬተሩ ውጭ ይነሣል፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ባዶውን ይሠራል፣ ድምፁ ሲረጋ ማብሪያው ወደ 2 ይዞራል፤ ከዚያ አምፖል፣ ቀጥሎ ማቀዝቀዣ፣ አንድ በአንድ። ምጣድ አይታሰብም፤ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይፈልጋል። መብራት ሲመለስ ዕቃዎቹ ይጠፋሉ፣ ማብሪያው በ0 በኩል ወደ 1 ይመለሳል፣ ጄኔሬተሩ ለጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት ተንፍሶ ይጠፋል። «መብራት መመለሱን በምን እናውቃለን? ቤቱ እንደሆነ በርቷል» ያለችው ባለቤቱ ናት፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ከቆጣሪው በሚመጣው በኩል አንዲት ትንሽ አረንጓዴ አመልካች አስገባላት። እሷ ስትበራ መብራት መጥቷል።

ቼንጅ ኦቨር የማይሠራውንም ማወቅ አለብን። የጄኔሬተር ጭስ ውስጥ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ በረንዳ ላይ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ወይም በመስኮት ሥር የተቀመጠ ጄኔሬተር ማብሪያው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን የተኛ ቤተሰብ ይገድላል። ዝናብ እንዳይመታው ብለን ወደ ውስጥ የምንስበው በዚያው ክረምት ነው። ከቤቱ ርቆ፣ ጭሱ ከበርና ከመስኮት ተቃራኒ ዞሮ፣ ለብቻው ከላይ የተከለለ ግን ጎኑ ክፍት የሆነ መጠለያ ይሠራለት።

ብዙ ቤቶች ደግሞ አሁን ከጣሪያ ፀሐይ ባትሪና ኢንቨርተር እያስገቡ ነው። ድምፅ ስለሌለው ሰው አይፈራውም እንጂ ኢንቨርተርም 220 ቮልት ያወጣል። በሁለት ወንድ ገመድ የግድግዳ ሶኬት ላይ ከተሰካ መንገዱ ያው ነው፤ ለእሱም ያው ማብሪያ ያስፈልጋል። ጄኔሬተርም ኢንቨርተርም ያለው ቤት ሦስት ምንጭ አለው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ባለሙያ ሳያየው አትዘርጉት።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ጎረቤት መጥቶ የቼንጅ ኦቨሩን ዋጋ ሰምቶ «ውድ ነው» አለ። ገንዘቡ እስኪሞላ ድረስ ምን ይሁን አለኝ። እስከዚያ ጄኔሬተሩን ከቤቱ ሽቦ ጋር ጭራሽ አታገናኘው አልኩት። ወፍራም ገመድ ያለው ማከፋፈያ ግዛ፣ ጄኔሬተሩ ራሱ ላይ ባለው ሶኬት ሰካው፣ በመስኮት አስገባው፣ ማቀዝቀዣውንና ሁለት አምፖል እዚያ ላይ ብቻ አብራ። ገመዱ ወለል ላይ ስለሚጋደም ያስጠላል፣ ልጆችም ይደናቀፉበታል። ወደ ምሰሶው ግን አይደርስም።